በስልኩ 412,650፣ በመዝገቡ 335,890

ቅዳሜ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። የደወሉት ሒሳባቸውን የምሠራላቸው የአንድ አነስተኛ የግል ትምህርት ቤት ባለቤት ናቸው። ሰላምታውን በአጭሩ ጨርሰው ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ወንድሜ፣ አሁን በስልኬ አየሁት፤ ባንክ ውስጥ 412,650 ብር አለኝ። ገንዘብ ያዧ ደግሞ በመዝገቡ ላይ ያለን 335,890 ብር ነው ትለኛለች። ከሁለቱ ማን ነው የሚዋሸኝ?»

«ማንም አልዋሸዎትም። ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ» አልኳቸው። «እስከዚያ ግን እባክዎን ቼክ አይፈርሙ።»

ይህን ያልኩት በምክንያት ነው። ለሁለት ክፍል የሚሆን ዴስክ በ390,000 ብር ተስማምተው ቼኩን ሊጽፉ ተዘጋጅተዋል። በስልካቸው ያዩት አሃዝ ይበቃል ይላል። መዝገቡ አይበቃም ይላል። በሁለቱ መካከል 76,760 ብር ልዩነት አለ፤ ይህ ገንዘብ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ የሚፈረም ቼክ ደግሞ ሰውን ፍርድ ቤት ሊያቆም ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣትን ወንጀል አድርጎታል፤ በቸልተኝነት የተፈጸመ ቢሆንም ከቅጣት አያድንም።

ከሰኞው ሥራ በፊት ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ላስረዳ። ስለ አንድ ገንዘብ ሁለት ሰዎች በሁለት ቦታ ይጽፋሉ። አንዷ የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ ናት፤ የምትጽፈው ሒሳብ ሠራተኞች ካሽ ቡክ በሚሉት የገንዘብ መዝገብ ላይ ነው። ሌላው ባንኩ ነው፤ የጻፈውን አትሞ ሲሰጠን ስቴትመንት እንለዋለን። ገንዘብ ያዧ ቼክ ጽፋ ለልብስ ሰፊው በሰጠችበት ቀን ገንዘቡን ከመዝገቧ ትቀንሳለች፤ ትክክልም ናት፣ ገንዘቡ ከእጇ ወጥቷል። ልብስ ሰፊው ግን ቼኩን ኪሱ ከትቶ ለዐሥር ቀን ሊዞር ይችላል። ባንኩ ስለዚያ ቼክ የሚያውቀው ነገር የለም። ቼኩ መስኮት ላይ እስኪደርስ ድረስ ገንዘቡን የትምህርት ቤቱ አድርጎ ያሳያል፤ እሱም ትክክል ነው። ሁለቱም እውነቱን ጽፈዋል፣ የጻፉት ግን የተለያየ ቀን እውነት ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ባንኩ ቀድሞ አውቆ ገንዘብ ያዧ የማታውቀው ነገር አለ። ወላጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ በሞባይል ክፍያውን ያስተላልፋል፤ ባንኩ የአገልግሎት ክፍያውን ሳይጠይቅ ይቆርጣል፤ የገባ ቼክ ስንቅ አጥቶ ይመለሳል። እነዚህን ሁሉ ባንኩ በዕለቱ ይመዘግባል። ገንዘብ ያዧ ግን ስቴትመንቱን እስክታይ ድረስ ወሬውም አይደርሳት።

ስቴትመንት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው የሚደናገርበት አንድ ነገር አለ። በእኛ መዝገብ ገቢ የሚጻፈው በዴቢት በኩል ነው፤ በባንኩ ወረቀት ላይ ግን ያው ገቢ ክሬዲት በሚለው ዓምድ ሥር ይገኛል። ባንኩ ተሳስቶ አይደለም። ያስቀመጥነው ገንዘብ ለእኛ ሀብት ነው፤ ለባንኩ ግን ስንጠይቀው የሚመልሰው ዕዳ ነው። ስለዚህ እኛ ባንኩን ባለዕዳችን አድርገን ስንጽፍ እሱ ራሱን የእኛ ባለዕዳ አድርጎ ይጽፋል። ይህ ከገባን በኋላ የእኛን ዴቢት ከባንኩ ክሬዲት፣ የእኛን ክሬዲት ከባንኩ ዴቢት ጋር ማመሳከር አያስቸግርም።

በእኛ አገር ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፤ እሱም የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ትምህርት ቤቱ ወሩን የሚዘጋው ጥቅምት 30 ነው። ባንኩ ግን የሚያትመው በፈረንጆቹ ቀን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ያዧ «የጥቅምትን ስቴትመንት ስጡኝ» ብላ ሄዳ የኦክቶበርን ይዛ መጣች፤ ከኦክቶበር 1 እስከ 31 ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት 1 የዋለው ኦክቶበር 11፣ ጥቅምት 30 ደግሞ ኖቬምበር 9 ቀን ነው። በኦክቶበር ወረቀት የመስከረም የመጨረሻ ዐሥር ቀናት ይገባሉ፣ የጥቅምት የመጨረሻ ዘጠኝ ቀናት ደግሞ ይቀራሉ። እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራበት ሒሳቡ አይታረቅም። አሁን ጥያቄዋ ከኖቬምበር 9 የማያልፍ፣ ከኦክቶበር 11 የሚጀምር ስቴትመንት የሚል ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ማስተካከል የስንት ሰዓት ልፋት እንዳስቀረልን እኔ ነኝ የማውቀው።

ሰኞ ኅዳር 2 ጠዋት ስደርስ ገንዘብ ያዧ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ጠበቀችኝ፤ የገንዘብ መዝገቡን፣ ስቴትመንቱን፣ የቼክ ጉርዶቹን፣ ማኅተም ያረፈባቸውን የባንክ ማስገቢያ ወረቀቶች፣ እንዲሁም ብዙ ሰው የሚረሳውን የመስከረምን ማስታረቂያ። «ጋሼ፣ ከየት እንጀምር?» አለችኝ።

የሚጀመረው ካለፈው ወር ነው። በመስከረም ማስታረቂያ ላይ «ገና ናቸው» ተብለው የተጻፉ ነገሮች በጥቅምት ስቴትመንት ላይ መጥተው እንደሆነ መጀመሪያ ይታያል። መስከረም ላይ ሦስት ቼኮች አልተመነዘሩም ነበር። ሁለቱ በጥቅምት መጀመሪያ ተከፍለዋል፤ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደረግንባቸው። ሦስተኛው፣ መስከረም 12 ቀን ለአናጢ የተጻፈ የ9,200 ብር ቼክ፣ አሁንም የለም። ይህን በኅዳግ ላይ ጻፍንና አለፍን።

ከዚያ መስመር በመስመር ሄድን። እሷ ከመዝገቡ ታነባለች፣ እኔ በስቴትመንቱ ላይ እፈልጋለሁ። ቼክ የሚፈለገው በቁጥሩ ነው፤ ሲገኝ የብሩ መጠን ይነጻጸራል፤ ሁለቱም ሲገጥሙ ብቻ በሁለቱም ወረቀት ላይ ምልክት ይደረጋል። በብር መጠን ብቻ መፈለግ አደገኛ ነው፤ አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው ሁለት ቼኮች ካሉ አንዱን በሌላው ቦታ ምልክት አድርጎ ማለፍ ቀላል ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብን። መጨረሻ ላይ ምልክት የሌላቸው መስመሮች ብቻ ቀሩ፤ የ76,760 ብሩ ልዩነት ያለው ሙሉ በሙሉ በእነዚህ ውስጥ ነው።

በመዝገቡ በኩል ምልክት ያጣው የመጀመሪያው መስመር የቅዳሜው ገቢ ነው። ወላጆች ከሥራ የሚያርፉት ቅዳሜ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ መጥተው ይከፍላሉ። በዕለቱ የሦስት ተማሪዎች የሩብ ዓመት ክፍያ 36,000 ብር እና የትራንስፖርት 2,500 ብር፣ በድምሩ 38,500 ብር ገብቷል። ደረሰኝ ስለተቆረጠለት መዝገቡ ላይ ተጽፏል። ቅርንጫፉ ግን በዚያ ሰዓት ተዘግቷል፤ ብሩ በካዝና አድሮ ሰኞ ጠዋት ነው የገባው። በመንገድ ላይ ያለ ገቢ የምንለው ይህን ነው። የሰኞውን ማስገቢያ ወረቀት አገላብጬ አየሁት፤ ቀኑም ማኅተሙም ልክ ነው።

ሁለተኛው ያልተመነዘሩ ቼኮች ናቸው። ለማተሚያ ቤት የተጻፈ 46,000 ብር፣ ለጽሕፈት መሣሪያ አቅራቢ የተጻፈ 27,400 ብር፣ እና ያ የአናጢው 9,200 ብር። ድምራቸው 82,600 ብር ነው። ባለቤቷ በስልካቸው ካዩት 412,650 ብር ውስጥ ይህ ሁሉ የሌላ ሰው ገንዘብ ነው፤ ቼኩን የያዙት ሰዎች ነገ ጠዋት መጥተው ሊወስዱት ይችላሉ።

በስቴትመንቱ በኩል የቀሩት መስመሮች የበለጠ ጊዜ ወሰዱ። አራት ጊዜ 12,000፣ 12,000 ብር ገብቷል፤ መዝገቡ ላይ ግን የለም። ከወላጆች በቀጥታ የተላለፈ ክፍያ መሆኑ ግልጽ ነው። ጥያቄው የየትኛው ተማሪ ነው የሚለው ነው።

እዚህ ላይ የእኛ የስም አጠራር ራሱ ሥራውን ያከብደዋል። ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። እናት ደግሞ የምትጠራው በራሷ አባት ነው፤ በትዳር ስሟ አይለወጥም። እናት ከስልኳ ብትከፍል በስቴትመንቱ ላይ የሚወጣው ስም ከተማሪው ስም ጋር አንድም ቃል አይገናኝም። በዚያ ላይ ስሙ የሚታተመው በላቲን ፊደል ነው፤ ፀሐይ የሚለው ስም ብቻ ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳለው ማንም ያውቃል። አጎት ወይም ጎረቤት ከከፈለማ ፍለጋው ይብሳል። ገንዘብ ያዧ የወላጆችን ስልክ ቁጥር ከማስተላለፊያው መልእክት ጋር እያመሳከረች ሦስቱን ለየች። አራተኛውን ግን አላገኘችውም።

«ይሄኛውን እስኪታወቅ ልተወው?» ስትለኝ አይሆንም አልኳት። ባለቤቱ አይታወቅ እንጂ ገንዘቡ ባንክ ገብቷል፤ ስለዚህ መዝገቡ ላይም መግባት አለበት። የትምህርት ክፍያ ገቢ ብለን ግን አንጽፈውም። ባለቤቱ እስኪገኝ በማቆያ ሒሳብ ይቀመጣል፣ እንደ ዕዳ ማለት ነው። የሌላ ሰው ብር በስሕተት ወደ እኛ ተልኮ ቢሆንስ? ሰውየው መጥቶ ሲጠይቅ የምንመልሰው ከዚያ ነው።

ከቀሩት መስመሮች አንዱ ደስ የማይል ነበር። ጥቅምት አጋማሽ ላይ አንድ ወላጅ በ12,000 ብር ቼክ ከፍለው ነበር። ገንዘብ ያዧ ቼኩን በተቀበለች ዕለት ገቢ ጽፋለች። ስቴትመንቱ ላይ ያው 12,000 ብር ሲገባ ይታያል፤ ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ ሲወጣ ይታያል። ቼኩ ስንቅ አልነበረውም። ስለዚህ ከመዝገቡ መቀነስና በወላጁ ስም ያልተከፈለ ሒሳብ ሆኖ መመለስ አለበት። ስቴትመንት የማያይ ትምህርት ቤት እኚህን ወላጅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ «ከፍለዋል» እያለ ይኖር ነበር። ከዚህ በተጨማሪ ባንኩ ለቼክ ደብተር፣ ለተመለሰው ቼክና ለሌሎች አገልግሎቶች በድምሩ 640 ብር ቆርጧል።

ይህን ሁሉ ደምረን ቀንሰን ሁለቱ ወገኖች ሲነጻጸሩ አሁንም አልገጠሙም። 2,700 ብር ይቀራል።

ሒሳብ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ትራፊ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ለ9 ማካፈል ነው። 2,700 ለ9 ሲካፈል 300፤ ትራፊ የለውም። ይህ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው እንደሆነ የሚጠቁም ምልክት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሺህ ቤት ያለው አሃዝ ወደ መቶ ቤት ሲወርድና የመቶው ወደ ሺህ ሲወጣ፣ የሚፈጠረው ልዩነት የሁለቱ አሃዞች ልዩነት በ900 ተባዝቶ ነው፤ 900 ደግሞ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። በእኛ ትራፊ 2,700 ማለት 3 በ900 ነው፤ ስለዚህ የምንፈልገው በሺህና በመቶ ቤት ላይ በሦስት የሚበላለጡ አሃዞች ያሉበትን ቼክ ነው። ለ9 የሚካፈል ሁሉ የዚህ ዓይነት ስሕተት ነው ማለት አይደለም፤ ፍለጋውን ግን ያጠባል። ትራፊው ለ9 የማይካፈል ቢሆን ኖሮ ለሁለት ከፍለን ግማሹን እንፈልግ ነበር፤ ገቢ በወጪ ዓምድ ሲጻፍ ልዩነቱ እጥፍ ሆኖ ይታያልና።

ተመልሰን ምልክት ያደረግንባቸውን ቼኮች አየን። የጽዳት ዕቃ የተገዛበት ቼክ በጉርዱም በስቴትመንቱም 18,540 ብር ነው። በመዝገቡ ላይ 15,840 ተብሎ ተጽፏል። ስምንቱና አምስቱ ቦታ ተቀያይረዋል። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ቁጥሩ ስለገጠመ መጠኑን በደንብ ሳላይ ምልክት አድርጌበት አልፌ ነበር።

አሁን ማስታረቂያው በአንድ ገጽ ላይ ተጻፈ።

በባንኩ በኩል፣ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.
በስቴትመንቱ ላይ ያለው ቀሪ፦ 412,650
ሲደመር በመንገድ ላይ ያለ ገቢ፦ 38,500
ሲቀነስ ያልተመነዘሩ ቼኮች፦ 82,600
ትክክለኛው ቀሪ፦ 368,550 ብር

በመዝገቡ በኩል፣ በዚያው ቀን
በገንዘብ መዝገቡ ላይ ያለው ቀሪ፦ 335,890
ሲደመር በቀጥታ ከወላጆች የገባ፦ 48,000
ሲቀነስ የተመለሰ ቼክ፦ 12,000
ሲቀነስ የባንክ አገልግሎት ክፍያ፦ 640
ሲቀነስ በጽዳት ዕቃው ቼክ ላይ የነበረ ስሕተት፦ 2,700
ትክክለኛው ቀሪ፦ 368,550 ብር

የባለቤቷ ስልክም የገንዘብ ያዧ መዝገብም ያላሳዩት አሃዝ ነው። ትምህርት ቤቱ በእውነት ሊያዝበት የሚችለው ገንዘብ 368,550 ብር ነበር፤ የዴስኩ ዋጋ ደግሞ 390,000 ነው። ወረቀቱን ሳሳያቸው ባለቤቷ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩትና «ቅዳሜ ማታ ፈርሜ ነበር እኮ ልሰጠው የነበረው» አሉ።

ብዙ ሰው ማስታረቂያው ከተጻፈ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ግማሹ ገና ነው። በመዝገቡ በኩል የወጡት አራት ነገሮች እያንዳንዳቸው መዝገብ ላይ መስፈር አለባቸው፤ የወላጆቹ ክፍያ በየተማሪው ስም፣ ያልታወቀው በማቆያ ሒሳብ፣ የተመለሰው ቼክ በወላጁ ዕዳ፣ የባንክ ክፍያው በወጪ፣ ስሕተቱም በማስተካከያ። በባንኩ በኩል ያሉት ግን ምንም አይጻፍባቸውም። መዝገቡ አስቀድሞ አውቋቸዋል፤ የሚጠበቀው ባንኩ እስኪደርስባቸው ነው። ይህን የማይለዩ ጀማሪዎች ያልተመነዘሩ ቼኮችን እንደገና ከመዝገቡ ቀንሰው አንዱን ወጪ ሁለት ጊዜ ያወጡታል።

መጠበቅ ሲባል ግን ዝም ብሎ መጠበቅ አይደለም። በመንገድ ላይ ያለ ገቢ ዕድሜው በቀን የሚቆጠር ነው። የቅዳሜ ብር ሰኞ፣ ግፋ ቢል ማክሰኞ መግባት አለበት። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዡ በየወሩ መጨረሻ «ሰኞ ይገባል» የሚለው ገቢ ነበረው፤ ገብቶም ይገኝ ነበር። ቀኖቹን ደርድሬ ሳይ ግን መጀመሪያ ሁለት ቀን፣ ቀጥሎ አምስት፣ ከዚያ ዘጠኝ ቀን እየዘገየ ነው። የዛሬውን ገቢ ለራሱ ወስዶ የዛሬውን ጉድለት በነገው ገቢ፣ የነገውን በከነገ ወዲያው ይሸፍን ነበር። ድምሩ በየወሩ ስለሚገጥም ማንም አልጠረጠረም። የሚያጋልጠው የብሩ መጠን አልነበረም። በደረሰኙ ቀንና በባንኩ ማኅተም ቀን መካከል ያለው ርቀት ነበር። ለዚህ ነው ማስታረቂያውን ገንዘብ የሚቀበለው ሰው ብቻውን መሥራት የሌለበት። ሁለት ሠራተኛ ብቻ ባለበት ትንሽ ድርጅት እንኳ ባለቤቱ ወይም ሌላ ሰው ስቴትመንቱን በቀጥታ ከባንኩ ተቀብሎ ቀኖቹን ማየት ይችላል።

ያልተመነዘረ ቼክ ዕድሜው ይረዝማል፣ ግን ማለቂያ አለው። በእኛ የንግድ ሕግ ቼክ በስድስት ወር ውስጥ ለክፍያ መቅረብ አለበት። መስከረም 12 የተጻፈው የአናጢው ቼክ መጋቢት ላይ ጊዜው ያልፍበታል ማለት ነው። ጊዜው ያለፈበትን ቼክ ሰርዞ ገንዘቡን «ገቢ» ማድረግ የሚወዱ አሉ። ይህ ትክክል አይደለም፤ ሰውየው ሥራውን ሠርቷል፣ ወረቀቱ ቢያረጅም ዕዳው አላረጀም።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ሌላ ነገር ነው። በማስታረቂያው ግርጌ «ልዩነት፦ 300 ብር» ተብሎ ተጽፎ የሚዘጋ ወር አለ። ለሦስት መቶ ብር ሁለት ቀን ማን ይፈልጋል ይባላል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ 300 ብር ፈልጌ ያገኘሁት ሁለት ነገር ነው፤ መዝገብ ላይ ያልገባ የ12,000 ብር ገቢ፣ እና ባንኩ የሌላ ደንበኛን ቼክ በስሕተት ከእኛ ሒሳብ የቆረጠበት 11,700 ብር። ሁለቱ ተቃራኒ ሆነው እርስ በርስ ሲጣፉ ሦስት መቶ ብቻ ቀረ። ትንሽ ልዩነት የትንሽ ስሕተት ማስረጃ አይደለም። ባንክም ይሳሳታል፤ ስሕተቱ እንዲታረም ግን ደንበኛው አይቶ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት፣ በቶሎም።

አንዳንዶች አሁን ሁሉ ነገር በስልክ ስለሆነ ይህ ሥራ ይቀራል ይላሉ። ያየሁት እንደዚያ አይደለም። ቼክ ሲቀንስ ያልተመነዘሩ ቼኮች ቀነሱ፤ በምትካቸው ግን ላኪያቸው የማይታወቅ ገቢዎች በዙ። ዛሬ ወላጅ በቴሌብር ወይም በባንኩ መተግበሪያ ይከፍልና የስክሪኑን ፎቶ በቴሌግራም ይልካል። ገንዘብ ያዧ ፎቶውን አይታ ገቢ ትጽፋለች፤ ከሳምንት በኋላ ስቴትመንቱ ላይ ስታገኘው ደግሞ ሌላ ክፍያ መስሏት ድጋሚ ትጽፋለች። ከዚያ የባሰም አለ፤ ፎቶው የተቀነባበረ ሆኖ ገንዘቡ ጭራሽ ያልገባበት፣ ወይም ዝውውሩ ሳይሳካ ቀርቶ ለላኪው የተመለሰበት ጊዜ። ስለዚህ ከእነዚህ ወላጆች ጋር የተስማማነው ግልጽ ነው። ፎቶ ለመረጃ ይያዛል፤ ደረሰኝ የሚቆረጠው የግብይቱ መለያ ቁጥር በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ላይ ሲታይ ብቻ ነው። ወላጆችም ሲያስተላልፉ በምክንያት መጻፊያው ቦታ የተማሪውን መታወቂያ ቁጥር እንዲጽፉ ማስታወቂያ ለጥፈናል። የሚጽፉት ሁሉም አይደሉም፤ የሚጽፉት ግን የገንዘብ ያዧን ሥራ በብዙ አቃለውታል።

ባለቤቷ ዴስኩን ግማሹን በጥቅምት ሒሳብ፣ ግማሹን በኅዳር ለመግዛት ከአናጺ ድርጅቱ ጋር ተነጋገሩ። ያልታወቀው 12,000 ብር ባለቤት በኅዳር ሁለተኛ ሳምንት ተገኘ፤ የአንዲት ተማሪ አያት ከገጠር ሆነው የላኩት ነበር። የልጅቷ እናት እንዳልከፈለች ተነግሯት ልትከራከር ስትመጣ ነው የተገናኘው።

የመስከረሙን አናጢ ደግሞ ገንዘብ ያዧ ደወለችለት። ቼኩ ቤቱ ነበር። ባንክ ይዞት ሄዶ በቼኩ ላይ የተጻፈው ስም ከመታወቂያው ጋር አይገጥምም ተብሎ ተመልሷል፤ «ደግሜ ብጠይቅ የጠረጠርኳችሁ ይመስላችኋል» ብሎ ሁለት ወር ሙሉ ዝም አለ። የድሮውን ቼክ ተቀብለን «የተሰረዘ» ብለን ከጉርዱ ጋር አያያዝነው፤ በመታወቂያው ስም አዲስ ተጻፈለት፣ በማግስቱ መነዘረው። በኅዳር 30 ማስታረቂያ ላይ 9,200 ብር የሚል መስመር የለም።